በወር 40 ዶላር ብቻ ይዞ ኢንቨስት መጀመር፦ ክፍያ የበላውን አንድ አካውንት እንዴት እንዳስተካከልነው (የጉዳይ ጥናት)

ይሄን ጉዳይ የምጽፈው ትንሽ ብር ይዘው ኢንቨስት ለማድረግ የሚነሱ ሰዎች የሚገጥማቸው ነገር ሁሉ አንድ ሰው ላይ ተሰብስቦ ስላገኘሁት ነው። የጉዳዩን ባለቤት ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ስሟንም ሆነ የተጠቀመችባቸውን ድርጅቶች ግን አልጠራም። ቁጥሩን ለመከተል እንዲቀል ሁሉንም በዶላር አድርጌዋለሁ፣ ግን እናንተ ጋ ያለው ገንዘብ ሌላ ቢሆንም ስሌቱ ያው ነው፣ ዋናው ነገር ክፍያው ካስገባችሁት ምን ያህል ፐርሰንት ነው የሚለው ነው።

ሁኔታው

ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ በሽፍት የምትሰራ ናት። ወርሃዊ ወጪዋ ሁሉ ተከፍሎ 40 ዶላር ይተርፋታል፣ አንዳንድ ወር ትንሽ ከፍ ይላል ግን ሁሌም የማይጠፋው 40 ነው። ለክፉ ቀን የሚሆን የሦስት ወር ወጪዋን ቁጠባ ውስጥ አስቀምጣለች፣ ከፍተኛ ወለድ ያለበት ዕዳም የለባትም። እነዚህን ሁለቱን መጀመሪያ የጠየቅኳት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም አንዱ ቢጎድል ኖሮ ስለ ኢንቨስትመንት ማውራቱ ትርጉም አልነበረውም። ብሩን ቢያንስ ለአስር ዓመት እንደማትነካው ነግራኛለች።

የምትፈልገውም ቀላል ነገር ነበር፣ ብዙ ኩባንያዎችን ባንዴ የሚይዝ ኢንዴክስ ፈንድ መግዛትና በየወሩ መጨመር። ነገር ግን መጀመሪያ ያየችው ፈንድ መነሻ ዲፖዚት 1,000 ዶላር ይላል። በ40 እየቆጠቡ 1,000 ለመድረስ 25 ወር ነው፣ ስለዚህ ተስፋ ቆርጣ ፈንዱን ተወችውና በማስታወቂያ ያየችውን አንድ አፕ ከፈተች። አፑ መነሻ አይጠይቅም፣ በ5 ዶላርም መጀመር ይቻላል፣ ወርሃዊ ክፍያው 3 ዶላር ነው። ሦስት ዶላር ማለት ምንም አይደለም ብላ ነው የገባችው፣ ብዙ ሰውም እንደዛ ነው የሚያስበው።

ችግሩ የታየበት ቦታ

እኔ ጋ ስትመጣ ስምንት ወር አስገብታ ነበር። ደስ ብሏት ነው የመጣችው፣ "እያተረፍኩ ነው፣ አሁን የምጠይቅህ ሌላ ምን ልጨምር የሚለውን ነው" አለችኝ። አፑን ከፍታ አሳየችኝ፦ ያስገባችው 320፣ አሁን ያለው 327፣ ጎኑ ላይ በአረንጓዴ +2.2% ይላል።

ወርሃዊው ክፍያ የት እንዳለ ፈለግኩት፣ አፑ ውስጥ ያለው የግብይት ዝርዝር ላይ የለም። ከዛ የባንክ ስቴትመንቷን እንድታወጣ ነገርኳት፣ እዛ ላይ በየወሩ መጀመሪያ 3.00 የምትል መስመር ቁጭ ብላለች። አፑ ክፍያውን የሚወስደው ከኢንቨስትመንቱ ሳይሆን ካገናኘችው የባንክ አካውንት ነው፣ ስለዚህ ትርፍና ኪሳራ ሲያሰላ ያቺን 3 ዶላር አይቆጥራትም። ስምንት ጊዜ 3 ማለት 24 ነው። ከኪሷ የወጣው 344 ነው፣ ያላት 327 ነው፣ ስለዚህ በእውነተኛው ሂሳብ 17 ዶላር ማለትም 5% ገደማ ኪሳራ ላይ ነው ያለችው፣ ገበያው እየወጣ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው።

ይሄን አጭበርባሪነት ብዬ አልጠራውም፣ ክፍያው ውሉ ላይ ተጽፏል። ግን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ያላችሁበትን አይነግራችሁም፣ እና እንደዚህ አይነት አካውንት ያለው ሰው ሁሉ አፑንና የባንክ ስቴትመንቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ቁጥሩን ስታይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ከዛ ግን የጠየቀችው ጥሩ ጥያቄ ነው፦ "ቆይ ግን ብሩ እየበዛ ሲሄድ 3 ዶላሩ ቀላል አይሆንም ወይ?"

ይሆናል፣ ግን መቼ እንደሆነ አሰላንላት። በዓመት 36 ዶላር ነው የምትከፍለው። ከምታስገባው 480 ላይ ይሄ 7.5% ነው። 36 ዶላር የጠቅላላ ገንዘቧ 1% ብቻ እንዲሆን 3,600 ዶላር ሊኖራት ይገባል፣ በ40 እያስገባች የገበያ ትርፍ ሳንቆጥር እዛ ለመድረስ ሰባት ዓመት ተኩል ይፈጅባታል፣ እስከዛ ደግሞ 270 ዶላር ከፍላለች። አክሲዮን በረጅም ጊዜ በአማካይ በዓመት 7% ያስገኛል ብለን ብናስብ እንኳ (ይሄ ግምት ነው እንጂ ማንም ቃል የሚገባው ነገር አይደለም) በመጀመሪያው ዓመት አካውንቷ ውስጥ በአማካይ ያለው 250 ገደማ ስለሆነ ትርፉ 17 ወይ 18 ዶላር ነው። 36 ከፍሎ 18 ማግኘት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ያለው ቁልፍ ነገር ክፍያ ሁለት አይነት መሆኑ ነው። በፐርሰንት የሚቆረጥ ክፍያ ትንሽ ያለውንም ብዙ ያለውንም እኩል ነው የሚነካው። በቁርጥ የሚከፈል ግን፣ በወር 3 ዶላር ወይ በአንድ ግዢ 1.50 የሚባለው አይነት፣ ትንሽ ያለውን ሰው ነው የሚበላው። ብዙ ሰው ፈንዶችን ሲያወዳድር 0.10% ይሻላል ወይስ 0.25% እያለ ይጨነቃል፣ 500 ዶላር ላይ የነዚህ ልዩነት በዓመት 75 ሳንቲም ነው፣ እሷ ጋ ግን በየወሩ 3 ዶላር ዝም ብሎ እየወጣ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ወርሃዊ ክፍያ የሌለው ብሮከር

መጀመሪያ ከአፑ መውጣት ነበረባት። ሁለት መንገድ አለ፣ የያዘችውን ፈንድ እንዳለ ወደ ሌላ ድርጅት ማዛወር ወይም ሸጦ ጥሬ ገንዘቡን ማውጣት። ማዛወሩ 35 ዶላር ያስከፍላል፣ ሸጦ ማውጣት ነጻ ነው። ትርፏ 7 ዶላር ስለሆነ ከሽያጭ የሚመጣው ግብርም የሚያሳስብ አልነበረም፣ ትልቅ ትርፍ ያለው ሰው ግን ይሄን ሳያጣራ መሸጥ የለበትም። 327ቱ ወጥቶ ለጊዜው ወለድ ወደሚከፍል ቁጠባ ገባ።

ከዛ ወርሃዊ ክፍያ የሌለው፣ በአንድ ግዢ 1.50 ኮሚሽን የሚወስድ ብሮከር፣ ማለትም አክሲዮንና ፈንድ የሚገዛበት አገናኝ ድርጅት፣ አገኘን። ያው ኢንዴክስ እዚህ በኢ.ቲ.ኤፍ መልክ ይሸጣል፣ ማለትም እንደ አክሲዮን በገበያ ላይ አንድ አንድ ሼር እየተባለ የሚገዛ ፈንድ፣ እና መነሻ ዲፖዚት የሚባል ነገር የለውም፣ መነሻው የአንድ ሼር ዋጋ ነው። ነገር ግን በየወሩ በ40 ከገዛች 1.50 ማለት 3.75% ነው፣ ከአፑ ቢሻልም አሁንም ብዙ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በየስንት ወሩ ትግዛ የሚለው ሆነ።

ይሄን ብዙ ሰው በስሜት ነው የሚወስነው፣ ግን በደንብ ይሰላል። ብር ሰብስቦ መግዛት ኮሚሽን ይቀንሳል፣ በሌላ በኩል ብሩ እስኪሰበሰብ ገበያ ውስጥ ስላልገባ የሚቀርበት ትርፍ አለ። በዓመት 7% ማለት በወር 0.58% ገደማ ነው። በየሦስት ወሩ ከገዛች የመጀመሪያው 40 ሁለት ወር ይጠብቃል፣ ሁለተኛው አንድ ወር ይጠብቃል፣ ሦስተኛው አይጠብቅም፣ በጠቅላላው የሚቀርባት 70 ሳንቲም ነው። ያተረፈችው ኮሚሽን ደግሞ 3 ዶላር ነው፣ ምክንያቱም በሦስት ግዢ ፋንታ አንድ ግዢ ነው ያደረገችው። ዓመቱን ሙሉ ስናየው በየወሩ ብትገዛ ወጪው 18 ዶላር ነው፣ በየሦስት ወሩ ኮሚሽኑና መጠበቁ ተደምሮ 8.80፣ በየስድስት ወሩ 10፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ወደ 17 ይመለሳል። ስለዚህ በጣም ማብዛትም በጣም ማዘግየትም ያስከፍላል፣ መሃሉ ላይ ነው ዝቅ የሚለው።

ለሌላ ቁጥር ማስላት የሚፈልግ ሰው በዚህች ቀመር ቦታውን ያገኛል፦

```
n = √( 2 × F / (m × r) )
```

n በየስንት ወሩ መግዛት እንዳለባችሁ ነው፣ F የአንድ ግዢ ኮሚሽን፣ m በወር የምታስቀምጡት፣ r በወር የምትጠብቁት ትርፍ። እሷ ጋ 2 × 1.50 ሲካፈል ለ 40 × 0.0058 ወደ 13 ይመጣል፣ ስኩዌር ሩቱ 3.6 ነው፣ ስለዚህ ሦስት ወይ አራት ወር። የሚጠብቀው ብር ወለድ የሚያገኝ ከሆነ r ላይ መግባት ያለበት ልዩነቱ ብቻ ነው፣ ያኔ ትንሽ ረዘም ብሎ መጠበቅም ችግር የለውም። ብሩን ግን ብሮከሩ ጋ ሳይሆን ቁጠባ ውስጥ ነው ማስጠበቅ፣ ብዙ ብሮከር ላልተገዛበት ትንሽ ብር ምንም ወለድ አይከፍልም።

እዚህ ላይ ያልሰራው

ወረቀት ላይ ያማረው ነገር በተግባር ሁለት ቦታ ላይ ተሰናከለ። ብሮከሩ ሙሉ ሼር ብቻ ነው የሚሸጠው፣ የሼር ቁራጭ አይሸጥም። የመጀመሪያው ሦስት ወር 120 ይዛ ስትገባ የአንዱ ሼር ዋጋ 92 ነበር፣ አንድ ገዛች፣ ከነኮሚሽኑ 93.50 ወጣ፣ 26.50 ተረፈ። በሁለተኛው ዙር 146.50 ይዛ መጣች፣ ዋጋው 95 ሆኗል፣ አሁንም አንድ ብቻ ነው የደረሳት፣ 50 ዶላር ተረፈ። ካስገባችው 240 ውስጥ 50ው፣ ማለትም አንድ አምስተኛው፣ ምንም ሳይሰራ ተቀምጧል። ኮሚሽኑም ያሰብነው 1.25% ሳይሆን 1.6% ሆነ፣ ምክንያቱም 1.50ው የሚካፈለው ለገባው ብር ሳይሆን ለተገዛው ነው። የሼሩ ዋጋ ለአንድ ዙር ከምታስቀምጡት ብር ጋር ሲቀራረብ ይሄ ነገር አይቀርም፣ ሼሩ 10 ዶላር ቢሆን ኖሮ ብዙም ባልተሰማን ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ የክፍያ ዝርዝሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ያገኘነው ነው፣ አካውንቱ ለአንድ ዓመት ካልተንቀሳቀሰ በየሩብ ዓመቱ 5 ዶላር ይቆረጣል። እየገዛች እስከቆየች አይነካትም፣ ብታቆም ግን ሁለት ሼር ያለው አካውንት በዓመት 20 ዶላር ይጠፋበታል።

ኮሚሽን ዜሮ የሆነና የሼር ቁራጭ የሚሸጥ ሌላ ብሮከርም አይተን ነበር። አሁን እንዲህ አይነቱ ብዙ ነው፣ ትልልቆቹ የአሜሪካ ብሮከሮች ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የአክሲዮን ኮሚሽን ዜሮ አድርገዋል። እሱ ጋ ግን ፈንዱ የሚሸጠው እሷ ደሞዝ በማታገኝበት ገንዘብ ነው፣ ለምንዛሪ ሲገባ 1.5% ሲወጣም 1.5% ይቆርጣል። ደርሶ መልስ 3% ነው። ገንዘቧን በዛው ከረንሲ የምታገኝ ሰው ብትሆን ኖሮ ያለ ምንም ማቅማማት እሱን ነበር የምመርጥላት፣ ለእሷ ግን "ዜሮ ኮሚሽን" የሚለው ስም ብቻ ነው የነበረው።

ሁለተኛው ሙከራ፦ 1,000 የሚለውን ሰነድ መልሶ ማንበብ

በዚህ መሃል መጀመሪያ ተስፋ ያስቆረጣትን ፈንድ ሰነድ መልሰን አነበብነው። ድረ ገጹ ፊት ላይ በትልቁ ያለው "መነሻ 1,000" ነው፣ ውስጥ ገብቶ የፈንዱ ሙሉ መረጃ ሰነድ ላይ ግን መነሻው ባንዴ ለሚያስገቡ ሰዎች መሆኑ ተጽፏል። ከባንክ በቀጥታ የሚቆረጥ ቋሚ የክፍያ ዕቅድ ለሚከፍት ሰው 1,000ው ይቀራል፣ የሚጠየቀው በአንድ ክፍያ ቢያንስ 50 ዶላር ነው። እንዲህ አይነት አንቀጽ ብዙ ፈንዶች ላይ አለ፣ ድርጅቱ የሚፈልገው ብሩ እየመጣ እንደሚቀጥል ማረጋገጫ ስለሆነ።

እሷ ያላት 40 ነው፣ ስለዚህ 50 ሲል እንደገና ፊቷ ጠቆረ። ሰነዱ የሚለው ግን በአንድ ክፍያ 50 ነው እንጂ በወር 50 አይደለም። ፎርሙ ላይ ደግሞ የክፍያ ድግግሞሽ የሚል ቦታ አለ፣ ምርጫው በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ። በየሦስት ወሩ 120 ሲሆን መስፈርቱን አልፎ ይሄዳል። እርግጠኛ ለመሆን ደውላ ጠየቀች፣ ሦስት ነገር ነው የጠየቀችው፦ የሩብ ዓመት ዕቅድም ከ1,000 ነጻ ያደርጋል ወይ፣ ለመግዛትና ለማውጣት ክፍያ አለ ወይ፣ ከዕቅዱ ውጪ ተጨማሪ ብር ማስገባት ይቻላል ወይ። መልሱ አዎ፣ የለም፣ ከ50 በላይ ከሆነ ይቻላል። መልሱን በኢሜይል እንዲልኩላት ጠይቃ ተቀብላለች፣ ይሄን በጣም ነው የወደድኩላት።

ፈንዱ በዓመት 0.25% ነው የሚቆርጠው፣ ሌላ ቁርጥ ክፍያ የለውም። እዚህ ሙሉ ሼር የሚባል ነገርም ስለሌለ 120 ካስገባች 120ው ሙሉ በሙሉ ይገዛል፣ የፈንዱ ድርሻ እስከ ሳንቲም ድረስ ተሸርፎ ይሰጣታል። ብሮከሩ ጋ ያሉትን ሁለት ሼሮች በአንድ ትዕዛዝ 1.50 ከፍላ ሸጠች፣ ከተረፈው 50 ጋር 238.50 ሆነ፣ ቁጠባ ውስጥ ከነበረው 327 ጋር 565 ገደማ ይዛ ነው ዕቅዱን የጀመረችው። 565 ላይ የዓመቱ 0.25% አንድ ዶላር ከ41 ሳንቲም ነው፣ አፑ ጋ በአስራ አምስት ቀን ውስጥ ትከፍለው የነበረውን ያህል።

የገጠመው ሌላ ነገር

ሁለተኛው የሩብ ዓመት ክፍያ አልተሳካም። መቁረጫ ቀኑን ወር በገባ በ1 ነው ያደረገችው፣ ደሞዟ ግን ከ28 እስከ 2 ባለው ጊዜ ነው የሚገባው፣ በዛን ወር በ2 ገባ። ባንኩ ላይ በቂ ብር ስላልነበረ ክፍያው ተመለሰ፣ ባንኳ ለተመለሰ ክፍያ 4 ዶላር ቆረጠ። ከ120 ላይ 4 ዶላር 3.3% ነው፣ ክፍያ ለመቀነስ ያን ያህል ለፍተን የሁለት ዓመት የፈንድ ክፍያ ያህል ባንድ ቀን ሄደ። ቀኑን ወደ 6 አዛወረችው፣ በየወሩ 40ውን ደሞዝ በገባ በነጋታው ወደ ሌላ የቁጠባ አካውንት የሚያሻግር ስታንዲንግ ኦርደርም ከፈተች፣ የሩብ ዓመቱ ክፍያም ከዛ አካውንት እንዲቆረጥ አደረገች። ከዛ በኋላ አልተመለሰባትም።

አንድ ገደብ ደግሞ አለ። ዕቅዱ ባላንሱ 1,000 ሳይደርስ ከተቋረጠ ፈንዱ የትንሽ አካውንት ክፍያ በዓመት 15 ዶላር ይቆርጣል፣ ሁለት ተከታታይ ክፍያ ከተመለሰም እንደተቋረጠ ይቆጠራል። ስለዚህ ከ565 ተነስታ የገበያውን መውጣትና መውረድ ሳንቆጥር በአራት ዙር 1,045 እስክትደርስ ድረስ ያሉት ወራት ናቸው ጥንቃቄ የሚፈልጉት። የክፉ ቀን ገንዘቧ ለብቻው መቀመጡ የጠቀማት እዚህ ላይ ነው፣ በመሃል አንድ ወር ሽፍት ተቀንሶባት ነበር፣ 40ውን ከዛ ሞልታ ዕቅዱ ሳይቋረጥ አለፈ።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ውስጥ ሌላ ቦታም ይሰራል የምለው መጀመሪያ የአሰራር ቅደም ተከተሉን ነው። ድርጅት ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ክፍያዎቹን ሁሉ፣ ወርሃዊ፣ የግዢ፣ የምንዛሪ፣ የፈንዱ ዓመታዊ፣ የማውጫና የማዛወሪያ፣ ያለመንቀሳቀስ፣ ጻፉና በዓመት ምን ያህል እንደሚሆን ደምሩ፣ ከዛ በዓመት ለምታስገቡት አካፍሉት። እኔ ራሴ የምጠቀምበት መለኪያ 1% ነው፣ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከምታስገቡት 2% በላይ ከሆነ ያንን መንገድ አልመክርም፣ በአንድና በሁለት መሃል ከሆነ ሌላ አማራጭ እስኪገኝ ሊያገለግል ይችላል። ምንም ከ2% በታች የሆነ ነገር ካልተገኘ ደግሞ ብሩን ወለድ ባለው ቁጠባ እያስቀመጡ መነሻው ላይ እስኪደርስ መጠበቅ ኪሳራ አይደለም፣ ገንዘቡ ትንሽ በሆነበት ጊዜ መጠበቅ የሚያሳጣው ሳንቲም ነው፣ ቁርጥ ክፍያ የሚያሳጣው ግን ዶላር ነው።

መነሻ ዲፖዚትን በተመለከተ ደግሞ ፊት ለፊት የተጻፈውን ቁጥር እንደ መጨረሻ መልስ አትውሰዱት። የቋሚ ክፍያ ዕቅድ መነሻውን ያስቀር እንደሆነ፣ ዝቅተኛው የሚቆጠረው በወር ነው ወይስ በአንድ ክፍያ፣ ያው ኢንዴክስ በኢ.ቲ.ኤፍ መልክ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ አንዳንዴ ሰነዱ ውስጥ አለ፣ አንዳንዴ ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው።

አሁን ያለችበት

ባለፈው ስናወራ ባላንሷ 1,000ውን አልፏል፣ የ15 ዶላሩ አንቀጽ ከዚህ በኋላ አይመለከታትም። ሽፍቷ ስለተስተካከለ በወር 55 ማስቀመጥ ጀምራለች፣ ለግዢ ክፍያ ስለሌለ ሰብስቦ መጠበቅ ምንም የሚያተርፈው ነገር የለም፣ ስለዚህ ዕቅዱን ከሩብ ዓመት ወደ ወርሃዊ ለመቀየር ፎርሙን ሞልታለች። ፎርሙ ላይ የመቁረጫ ቀኑን እንደገና እንድትሞላ ይጠይቃል፣ 6 ብላ ጽፋለች።